ማመልከቻው ነገ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል
አንድ ሲቪ በአንድ ሌሊት እንደገና ሲጻፍ

ሰውየው 31 ዓመቱ ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በሰፕላይ ማኔጅመንት በዲግሪ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት ከመንፈቅ በላይ በአንድ የመድኃኒት አስመጪ መጋዘን ውስጥ ሠራ። አሁን የጽሕፈት መሣሪያ በሚያከፋፍል ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ይኖራል። አንድ ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው የሥራ ማስታወቂያ በስልክ ላከለት። አንድ የእርዳታ ድርጅት የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ይፈልጋል፤ ማመልከቻው በነጋታው 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ሰውየው እንዲህ ያለ ሥራ ሲመኝ ኖሯል። ሲቪም አለው። ከተመረቀ ጊዜ ጀምሮ የነበረውን ፋይል እየከፈተ፣ ሥራ በቀየረ ቁጥር ከታች ጥቂት መስመር እየጨመረ ያቆየው ነው። አያይዞ ቢልከው አምስት ደቂቃም አይፈጅበትም። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እሱ ግን ፋይሉን ከፍቶ አንዴ ሲያነበው የገዛ ታሪኩን ማግኘት አቃተው።

ይህን ሰው የፈጠርነው አንድ ሲቪ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ለማሳየት ነው። የሚገጥመው ሁሉ ግን ሥራ ፈላጊዎች ዘወትር የሚገጥማቸው ነው፤ በተለይ የቀን አቆጣጠሩ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያስተውለው የሚያልፍ ነው።

ሰውየው ከግቢው ሳይወጣ የሚያማክረው ሰው ነበረው። ጎረቤቱ በሰው ኃይል አስተዳደር ረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። «እትዬ፣ ይቅርታ መሸብዎት፤ አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር» ብሎ ላፕቶፑን ይዞ ገባ። እሳቸው ሲቪውን አልጠየቁም። «መጀመሪያ ማስታወቂያውን አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉት።

ማስታወቂያው ረጅም ነበር፤ የድርጅቱ ታሪክ፣ የሥራው ዝርዝር፣ የማመልከቻው አላላክ። እትዬ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አራት መስመር ብቻ በወረቀት እንዲያሰፍር አዘዙት። አንደኛው፣ በሎጂስቲክስ፣ በሰፕላይ ማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ። ሁለተኛው፣ ከምረቃ በኋላ የተገኘ፣ ቢያንስ 4 ዓመት በመድኃኒት ወይም በምግብ መጋዘን የሠራበት ቀጥተኛ ልምድ። ሦስተኛው፣ የመጠቀሚያ ጊዜን ተከትሎ ዕቃ የማውጣት አሠራርን ማወቅ። አራተኛው፣ የንብረት ቆጠራን መምራትና ሪፖርት ማዘጋጀት።

«ማመልከቻ ሲጎርፍ የሚያጣራው ሰው እንደ መጽሐፍ ቁጭ ብሎ አያነብም» አሉት። «ፊቱ ሠንጠረዥ አለ። በአንድ በኩል የአመልካቾች ስም፣ በሌላው እነዚህ መሥፈርቶች። ያሟላ ከሆነ ምልክት ያደርጋል፣ ካላሟላ ያልፈዋል። አንተ የሠራኸውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የጻፍከውን ነው። ፈልጎ ካጣው ደግሞ የለም ማለት ነው።»

ይህ አባባል የሌሊቱን ሥራ መልክ አስያዘለት። ሲቪ የሕይወት ታሪክ ቢመስልም አገልግሎቱ ሌላ ነው፤ ለአንድ የተወሰነ ማስታወቂያ የሚሰጥ መልስ ነው። ስለዚህ ያንኑ ሲቪ ለሁሉም ማስታወቂያ መላክ፣ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን አንድ ዓይነት መልስ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ቤቱ ተመልሶ አራቱን መስመሮች ከሲቪው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠ። የመጀመሪያው ገጽ ግማሽ በልደት ቀን፣ በጋብቻ ሁኔታና «ዕውቀቴን የሚያዳብር ሥራ ማግኘት» በሚል ዓላማ ተይዟል። ቀጥሎ የሦስት አጫጭር ሥልጠናዎች ዝርዝር አለ። ከዚያ የአሁኑ የሽያጭ ሥራው በዘጠኝ መስመር ተዘርዝሯል። ድርጅቱ የሚፈልገው የመጋዘን ሥራ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በሁለት መስመር ብቻ ተጠቅሷል፤ «ዕቃ መረከብ፣ ማውጣትና መመዝገብ። በአለቃ የሚሰጡ ሌሎች ሥራዎችን ማከናወን።»

ነገሩ የመጣው ከፋይሉ ዕድሜ ነው። ሰው ሲቪውን የሚያድሰው አዲስ ሥራ በያዘ ጊዜ ስለሆነ፣ ትኩስ የሆነው ይበዛል፤ የቆየው እየተጨመቀ ይሄዳል። አሁን የሚያመለክትበት ሥራ ደግሞ የቆየውን ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቦታውን አሸጋሸገ። ሥራዎቹ ከቅርቡ ወደ ሩቁ የተደረደሩበትን ቅደም ተከተል አልነካም፤ አንባቢ የለመደው እሱን ነውና። የሽያጩን ሥራ ግን ከዘጠኝ ወደ ሦስት መስመር አወረደው፤ ከዕቃ ርክክብና ማድረስ ጋር የሚገናኘውን ብቻ አስቀረ። የጋብቻውና የዓላማው ነገር ወጣ። በነሱ ፈንታ ከስሙ ሥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ገባ፤ የሰፕላይ ማኔጅመንት ምሩቅ እንደሆነና በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ምን እንደሠራ የሚናገር። አጣሪው ከአራቱ መሥፈርቶች ሁለቱን ገጹን ሳይገልጥ ያገኛቸዋል።

ከባዱ ሥራ የመጣው ቀጥሎ ነው። ለመጋዘኑ ሥራ ቦታ ቢተውም የሚጽፈው ጠፋው። «መረከብ፣ ማውጣት፣ መመዝገብ» እውነት ነው፤ ግን በየትኛውም መጋዘን ያለ፣ ሥራውን በደንብ የሠራም ያልሠራም እኩል ሊጽፈው የሚችል ነው። እነዚህ የመደቡ ግዴታዎች ናቸው። አጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ መደቡ ምን ይጠይቅ እንደነበር ሳይሆን ሰውየው ምን እንዳደረገ ነው።

እንደገና በር አንኳኳ። እትዬ መልሱን አልሰጡትም፤ ጠየቁት። «ጠዋት መጋዘኑን ስትከፍት መጀመሪያ ምን ትሠራ ነበር?»

ነገራቸው። የማቀዝቀዣውን ሙቀት ያነባል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይመዘግባል። ከዚያ የዕለቱን የወጪ ጥያቄዎች ይቀበላል። መድኃኒት ሲያወጣ ቀድሞ የገባውን አይደለም የሚያስቀድመው፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልቀውን ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትናንት የገባ ካርቶን ከአምስት ወር በኋላ የሚበላሽ፣ ካቻምና የገባው ደግሞ ገና ሁለት ዓመት የሚቆይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ የሚያልቅበት ቀን የቀረበው ከፊት ይቀመጣል፤ ቢን ካርዱ ላይም የእያንዳንዱ ባች ቁጥርና የማብቂያ ቀን ይጻፋል።

«ይህን ሁሉ ታውቃለህ፤ ሲቪህ ላይ ግን አንዱም የለም» አሉት። «በል፣ አንተ ከገባህ በኋላ እዚያ መጋዘን ውስጥ ምን ተለወጠ?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። የገባበት ዓመት ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ፣ ከ400 የመድኃኒት ዓይነቶች ውስጥ በ36ቱ ላይ ካርዱና መደርደሪያው አልተስማሙም ነበር። ምክንያቱን ሲከታተል አብዛኛው ልዩነት ቶሎ ቶሎ በሚወጡ ጥቂት መድኃኒቶች ላይ መሆኑን አየ። በተጣደፈ ሰዓት ዕቃው ይወጣል፤ ካርዱ በኋላ ይሞላል ተብሎ ይረሳል። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ስህተት የሚታየው በሰኔ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማን መቼ እንደረሳው የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ኃላፊዋን አስፈቅዶ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ቶሎ ከሚወጡት ውስጥ 30 ዓይነቶችን ብቻ መቁጠር ጀመረ። ልዩነት ሲገኝ የሳምንቱን ወረቀት አገላብጦ ምክንያቱን ማግኘት ቀላል ሆነ። በመጨረሻው ዓመት ቆጠራ ያልተስማሙት 8 ብቻ ነበሩ።

እትዬ ብዕር አቀበሉት። ከዚያ ጨዋታ የወጣው መስመር እንዲህ ይላል፤ «400 ዓይነት መድኃኒት በሚይዝ መጋዘን ሳምንታዊ የናሙና ቆጠራ በማስጀመር፣ በዓመታዊ ቆጠራ ልዩነት የሚታይባቸውን ዓይነቶች ከ9 በመቶ ወደ 2 በመቶ ዝቅ እንዲሉ አድርጌያለሁ።» ከ400 ውስጥ 36 ማለት 9 በመቶ፣ 8 ማለት 2 በመቶ ነው። መስመሩ ሦስት ነገር ይዟል፤ የሥራውን ስፋት፣ ያደረገውን፣ የመጣውን ለውጥ። የማስታወቂያውን አራተኛ መሥፈርትም ይመልሳል። ሦስተኛውን መሥፈርት የሚመልሰው መስመር ደግሞ በማብቂያ ቀን ስለመደርደርና በባች ስለመመዝገብ ሆኖ ከሥሩ ገባ።

እዚህ ላይ እትዬ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። ቁጥር የሚጻፈው ሲጠየቁ ማስረዳት ከተቻለ ብቻ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህ 9 በመቶ ከየት መጣ?» ይሉታል። ዓይነቱን ነው የቆጠርከው ወይስ ብሩን? ብቻህን ነው የሠራኸው? ሰውየው መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ሆነው ይሠሩ ስለነበር «ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር» የሚል ጨመረበት። መስመሩ በዚህ አልደከመም፤ እንዲያውም ለሚጠይቅ ሰው የሚታመን ሆነ። የማያስታውሰውን ቁጥር ግን፣ ለምሳሌ በዓመት ስንት ብር የሚያወጣ መድኃኒት ይንቀሳቀስ እንደነበር፣ በግምት ከመሙላት ተወው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን የቆጠራ ሰነድ ኮፒ አድርጎ ማያያዝም አይታሰብም፤ የድርጅቱ ምስጢር ነው፤ ያያዘውን ሰው ታማኝነት ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል።

ሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ሌላ ፈተና መጣ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የመደቡ ስም «ረዳት ንብረት ያዥ» ይላል። የሚያመለክተው ደግሞ ለኃላፊነት ነው። ረዳት የሚለውን ቢያስቀረው፣ ወይም «የመጋዘን ኃላፊ» ቢለው ማን ያውቃል? የሚያውቀው ሰው አለ፤ ሲቪውንና ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው የሰው ኃይል ሠራተኛ። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው አንድ መስመር ብቻ አይደለም፤ ስለ ቆጠራው የተጻፈው እውነትም አብሮ ይጠረጠራል።

ፋይሉን ሲያገላብጥ ግን አንድ የረሳውን ወረቀት አገኘ። ኃላፊዋ በወሊድ ፈቃድ ላይ በነበሩ ጊዜ ለ4 ወር ቦታውን ሸፍኖ እንዲሠራ የተሰጠው የውክልና ደብዳቤ ነው። የመደቡን ስም እንዳለ ትቶ ከሥሩ «ከዚህ ውስጥ 4 ወር ኃላፊዋን ተክቼ መጋዘኑን መርቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ሊዋሽ የፈለገው ነገር እውነተኛ መልክ ነበረው፤ የጎደለው ወረቀቱን መፈለግ ብቻ ነበር።

አሁን የቀሩት ቀኖቹ ናቸው ብሎ አሰበ። የሌሊቱ ትልቁ ግኝት የተደበቀው እዚያ ነበር።

ሲቪው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ግን በእኛ ነው፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2010 እስከ ግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም.። ሰውየው ያኔ ሲሞላ በሁለቱም ላይ 8 ደምሮ፣ ከኦክቶበር 2018 እስከ ሜይ 2022 ብሎ ነበር። ግንቦቱ ልክ ነው። ጥቅምቱ ግን አይደለም። የእኛ ዓመት የሚገባው በመስከረም፣ የእነሱ በጃንዋሪ ስለሆነ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ የእነሱ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 23 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 22። ከዚያ ቀን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ስለዚህ ጥቅምት 2010 ማለት ኦክቶበር 2017 ነው።

ይህች አንድ ቁጥር ምን እንዳጠፋች ወረቀት ላይ ቆጠረው። እውነተኛው ልምዱ 4 ዓመት ከ7 ወር ከ22 ቀን ነው። ሲቪው ላይ ያለው 3 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። ማስታወቂያው የሚጠይቀው ቢያንስ 4 ዓመት። አጣሪው ሁለተኛው መሥፈርት ጋ ሲደርስ «አያሟላም» ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ በታች ያለውን ያማረ መስመር የሚያነበውም አይኖርም።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። የአሁኑን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 2015 ነው፤ እሱንም 8 ደምሮ ኦክቶበር 2023 ብሎታል፤ ትክክሉ ኦክቶበር 2022 ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት አባቱን ሲያስታምም ያሳለፈው አራት ወር ተኩል ያህል ጊዜ፣ ሲቪው ላይ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አስመስሎታል። ከምረቃው እስከ መጀመሪያ ሥራው ያለው ጊዜም፣ ሐምሌ 2009 በትክክል ጁላይ 2017 ተብሎ ስለተጻፈ፣ ከሦስት ወር ያልዘለለው ክፍተት ከአንድ ዓመት አለፈ። ከዚህ በፊት የላካቸውና መልስ ያልመጣባቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ይህንኑ ስህተት ይዘው የሄዱ ነበሩ። ያ ብቻውን አስቀርቶታል ማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ማንም ደውሎ «ቀንህ ተሳስቷል» አይለውም።

ስህተቱን መለየት ቀላል ነው። በደብዳቤው ላይ ያለውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ አስሎ ዓመትና ወሩን መያዝ፤ ከዚያ ሲቪው ላይ ያለውን በአውሮፓውያኑ ብቻ ማስላት። ሁለቱ ውጤቶች እኩል መሆን አለባቸው። አንድ ዓመት ከበለጠ ወይም ካነሰ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የጀመረ ወይም ያበቃ ሥራ አለ ማለት ነው። ስህተቱ አንዳንዴ ለአመልካቹ የሚያደላም ይሆናል፤ ሥራው በኅዳር ካበቃና 8 ከተደመረበት ልምዱ በአንድ ዓመት ይረዝማል። ያን ጊዜ ደግሞ ደብዳቤው ሲቀርብ አጋነነ ያሰኛል።

ስላስታመመበት ጊዜ ሲቪው ላይ ማብራሪያ አልጻፈም። ወሮቹ በትክክል ተቀምጠዋል፤ ቢጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ሲነጋ የቀድሞ ኃላፊውን ደውሎ አስፈቀዳቸውና ስማቸውን ለምስክርነት አስገባ። ስለ ዓርቡ ቆጠራም አስታወሳቸው፤ «እንዴት እረሳዋለሁ!» አሉት። ሳይነገራቸው ስማቸው የሚሰጥ ሰዎች ስልክ ሲመጣባቸው ይደናገራሉ፤ የደወለው ሰው ደግሞ ማመንታታቸውን በሌላ ሊተረጉመው ይችላል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ዲግሪው ላይ እንዳለው መሆኑን አይቶ፣ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጎ፣ በስሙና በመደቡ ሰይሞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ላከው።

ሥራውን አገኘ ወይስ አላገኘም የሚለውን አንጽፍም፤ ሲቪ እዚያ ድረስ አይወስድምና። ሲቪ የሚያደርሰው እስከ ቃለ መጠይቁ በር ነው። የተሻለ ልምድ ያለው ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ቦታው ከውስጥ ሊሞላ ይችላል። ሲቪ የሚችለው፣ ሰውየው ያለው ልምድ ሳይታይ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

ሰውየው ከዚያ ሌሊት የያዘው ትምህርት ከጽሑፍ ጥበብ ይልቅ ስለ ማስረጃ ነው። ሲቪውን ያዳኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው፣ የውክልና ደብዳቤውና በአጋጣሚ ያልረሳው የቆጠራ ውጤት። ሦስተኛው በማስታወስ ላይ የቆመ ነበር። በዚያ መጋዘን ያደረጋቸው ሌሎች ነገሮች ምን እንደነበሩ፣ ስንት እንደነበሩ ሊያስታውስ ሞክሮ አልቻለም።

ከደብዳቤው ጋር በተያያዘ ሕጉ ለሠራተኛው የሚሰጠው መብት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 እንደሚደነግገው፣ አሠሪው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። «በጠየቀ ጊዜ» የሚለው ሐረግ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰውም መጠየቅ እንደሚችል ያሳያል። ብዙ ሰው ግን ከለቀቀ በኋላ፣ አለቃው ተቀይሮ፣ አንዳንዴም ድርጅቱ ተዘግቶ ነው የሚያስታውሰው። ደብዳቤው በእጅ ሲገባ መታየት ያለበት የመደቡ ስም፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን ናቸው፤ በተለይ ሰው እዚያው ቤት እድገት አግኝቶ ከሆነ ሁለቱም መደቦች ከነቀናቸው መጠቀስ አለባቸው። አለበለዚያ ሁሉም ዓመት በመጨረሻው መደብ ስም ይጠቃለልና የትኛው ልምድ ስንት እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል።

የቀረው የሰውየው የራሱ ድርሻ ነው። አሁን በሚሠራበት የሽያጭ ሥራ፣ በየሰኔና በየታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ገጽ እየጻፈ ለማስቀመጥ ወሰነ፤ በዚያ ግማሽ ዓመት ምን ተረከበ፣ ምን ለወጠ፣ ከማን ጋር፣ ውጤቱ በቁጥር ስንት ሆነ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያሰፍራል። ሌላ ማስታወቂያ ሲመጣ የሚቀረው ሥራ፣ ከነዚያ ገጾች ውስጥ ጥያቄውን የሚመልሱትን መስመሮች መምረጥ ይሆናል።